ጂአርኢ ደርሶ እናንተ ካልደረሳችሁ፦ ማዛወር፣ መሰረዝ ወይስ ዝም ብሎ መፈተን?

ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲያመለክቱ የሚጠየቀው ፈተና፣ ጂአርኢ፣ በአብዛኛው ዓለም 220 ዶላር ነው። ሐዋሳ ተቀምጦ ለሚመዘገብ ሰው ግን ወጪው እዚያ ላይ አያበቃም። አዲስ አበባ የሚገኝ የፈተና ማዕከል ከመረጠ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለበት፣ ቢያንስ የአንድ ሌሊት አልጋ አለበት፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌለው ደግሞ ለሚከፍልለት ሰው ኮሚሽን አለበት። አዳማ ያለ ሰው በፍጥነት መንገዱ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። የሐዋሳ ልጅ ግን ከዋዜማው መውጣት አለበት።

ስለዚህ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው "አልደረስኩም" የሚለው ስሜት ሲመጣ ብዙ ሰው ከመወሰን ይልቅ ዝም ይላል። ዝም ማለትም ውሳኔ ነው፣ ያውም ከሁሉም ውዱ። ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፦ ቀኑን ማዛወር፣ መሰረዝ፣ ባለበት መፈተን፣ መቅረት። መቅረትን ቶሎ እንጣለው። ያልመጣ ሰው ሙሉ 220 ዶላሩን ያጣል፣ ምንም አይመለስለትም። ዘግይቶ ደርሶ ወይም ትክክለኛ መታወቂያ ሳይዝ መጥቶ ከበር የተመለሰም እንደዚያው ነው።

የቀሩት ሦስቱ ናቸው የሚያከራክሩት።

አራቱ ቀን

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ማዛወርም ሆነ መሰረዝ የሚፈቅደው ከፈተናው ቢያንስ አራት ቀን በፊት ነው። አቆጣጠሩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ፈተናው የሚሰጥበት ቀንም ሆነ ጥያቄውን የምታቀርቡበት ቀን አይቆጠሩም ብላችሁ ቁጠሩ። ፈተናችሁ ቅዳሜ ከሆነ ረቡዕ አልቆላችኋል፣ ማክሰኞንም እኔ አላምነውም፣ ሰኞ ጨርሱት። "አሜሪካ ከእኛ በሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ጥቂት ሰዓት እናተርፋለን" የሚል ሂሳብ የሚሠራ ሰው አጋጥሞኛል። አትሞክሩት። በዚያች ሌሊት ኔትወርክ ቢጠፋ ለማን ይነገራል?

ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፣ መፈተን ወይም መቅረት። ንጽጽሩ የሚጠቅመው ከዚያ በፊት ነው።

ሂሳቡ

ማዛወር 50 ዶላር ያስከፍላል። የከፈላችሁት 220 በስማችሁ እንዳለ ይቆያል፣ አዲስ ቀን ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ድምር 270።

መሰረዝ ደግሞ የከፈላችሁትን የፈተና ዋጋ ግማሽ ይመልሳል፣ ማለትም 110 ዶላር። በኋላ እንደገና ልፈተን ካላችሁ ግን እንደ አዲስ 220 ትከፍላላችሁ። የመጀመሪያው 220፣ ሲቀነስ 110፣ ሲደመር 220 ይሆናል 330። ከማዛወር በ60 ዶላር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሁለት ጊዜ ብታዛውሩ እንኳ ድምሩ 320 ነው። አንድ ጊዜ ሰርዞ እንደገና ከመመዝገብ አሁንም በ10 ዶላር ያንሳል። በሦስተኛው ማዛወር 370 ሲገባ ነው ሂሳቡ የሚገለበጠው። ስለዚህ መፈተናችሁ አይቀሬ ከሆነና ቀኑ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ማዛወር ይሻላል፣ ክርክር የለውም።

ችግሩ "መፈተኔ አይቀርም" የሚለው እርግጠኝነት ላይ ነው። አዛውራችሁ በኋላ ደግሞ ሀሳባችሁን ብትቀይሩና ብትሰርዙ የሚመለሰው ያው ከፈተናው ዋጋ ግማሹ ነው፣ ለማዛወር የከፈላችሁት 50 አይመለስም። በአጠቃላይ 160 አጣችሁ ማለት ነው። መጀመሪያውኑ ብትሰርዙ ኖሮ የምታጡት 110 ነበር። እና ጥያቄው "መቼ እዘጋጃለሁ?" የሚለው ሳይሆን "የማመለክትበት ትምህርት ክፍል ጂአርኢ ይፈልጋል ወይ?" የሚለው ነው። ካልፈለገ የምን ማዛወር? ሰርዛችሁ ግማሹን ውሰዱ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው መንገድ፣ ሳይዘጋጁ ባለበት መፈተን፣ ያን ያህል ሞኝነት አይደለም። ጂአርኢ ላይ የትኛውን ውጤት እንደምትልኩ የመምረጥ መብት አላችሁ፣ መጥፎውን ደብቃችሁ ጥሩውን መላክ ትችላላችሁ። ከ21 ቀን በኋላ መድገም ይቻላል፣ በ12 ወር ውስጥም እስከ አምስት ጊዜ። ግን ደግማችሁ ስትፈተኑ ሌላ 220 ነው፣ ድምሩ 440 ይሆናል፣ ለሐዋሳ ልጅ ደግሞ የመንገዱና የአልጋው ወጪ ሁለት ጊዜ። በ50 ዶላር ማዛወር እየተቻለ 220 ዶላር የሚያወጣ "ልምምድ" መግዛት የሚያዋጣው ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን በጣም ቀርቦ ሌላ ቀን ካልተገኘ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ አያዋጣም። ለልምምድ ከሆነ ኢቲኤስ ራሱ በነጻ የሚሰጣቸው የሙከራ ፈተናዎች አሉ፣ እነሱን ሥሩ።

ፈተና ክፍል ውስጥ ሆናችሁ መጨረሻ ላይ ውጤታችሁን ብትሰርዙም ገንዘብ አይመለስም። ቀጠሮ መሰረዝና ውጤት መሰረዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብቻ አታምታቷቸው። ውጤቱን የሰረዘ ሰውም የ21 ቀኑን ገደብና የአምስት ጊዜውን ቆጠራ አያመልጥም።

ካርዱ የማን ነው?

እስካሁን ያለው ሂሳብ የተሠራው የራሱ ካርድ ላለው ሰው ነው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላሩ ዋጋ ሽቅብ ሄዷል፣ በራሱ ስም በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ተማሪም ጥቂት ነው። አብዛኛው ውጭ ያለ ዘመድ ያስከፍላል፣ ዘመድ የሌለው ቴሌግራም ላይ "የፈተና ክፍያ እንፈጽማለን" የሚል ደላላ ያገኛል፣ ብሩን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካል፣ ያኛው በካርዱ ይከፍላል።

ተመላሽ ገንዘብ የሚሄደው የተከፈለበት ካርድ ላይ ነው። ይህች አንድ ነገር ሂሳቡን ሁሉ ትለውጣለች። ሰርዛችሁ 110 ዶላር ሲመለስ የሚመለሰው ለደላላው ነው። እሱ ደግሞ ብሩን ከእናንተ ከተቀበለ በኋላ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው። ቢገኝም "ገና አልገባልኝም" ይላል፣ ቀጥሎ "በጊዜው በነበረው ዋጋ ነው የማስበው" ይላል። ተመላሹ በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ሊቆጠር ይችላል፣ ስለዚህ አልገባልኝም ሲል ውሸት ይሁን እውነት ማወቂያ የላችሁም።

ስለዚህ በደላላ ለከፈለ ሰው የስረዛው ግማሽ ተመላሽ በወረቀት ላይ 110 ነው፣ በእጅ ላይ ግን ዜሮ ሊሆን ይችላል። ዜሮ ብላችሁ አስቡት። ያኔ ሰርዞ እንደገና መመዝገብ 330 መሆኑ ይቀርና 440 ይሆናል፣ ማዛወር ግን 270 ላይ እንዳለ ነው። የተዛወረ ቀጠሮ በእናንተ አካውንት ውስጥ፣ በእናንተ ስም ነው የሚቀመጠው፣ ደላላው አይነካውም። ለዚህ ነው ካርድ ለሌለው ሰው ማዛወርን የማስቀድመው።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። ማዛወሪያውም 50 ዶላር ካርድ ይፈልጋል። መሰረዝ ክፍያ የለውም፣ ሌሊት ላይ ብቻችሁን ሆናችሁ ልትሰርዙ ትችላላችሁ፣ ለማዛወር ግን እንደገና ደላላው መገኘት አለበት። ያ የአራት ቀን ገደብ ሲቃረብ ስልኩን የማያነሳ ደላላ 50 ዶላሩን ወደ 220 ይለውጠዋል። የምመክረው ቀላል ነው፦ ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው ወስኑ፣ ያኔውኑ የሚከፍለውን ሰው ያዙ። ቀድማችሁ ዘመድ ለምኑ፣ ባንካችሁንም የዓለም አቀፍ ካርድ እንዴት እንደሚሰጥ ጠይቁ፣ ደላላ የመጨረሻው ይሁን።

ከሁሉም የከፋው ደላላው አካውንቱን ራሱ ሲከፍትላችሁ ነው። በራሱ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይመዘግባችኋል፣ እናንተ የማረጋገጫውን ፎቶ ብቻ ትቀበላላችሁ። ቀን ማዛወር ሲያስፈልግ መግቢያው እሱ ጋ ነው። አካውንቱን ራሳችሁ፣ በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፣ ቀኑንና ማዕከሉን ራሳችሁ ምረጡ፣ የካርዱን ቁጥር ማስገቢያ ገጽ ላይ ስትደርሱ ብቻ ሰውየውን ጥሩት።

አንድ ምሳሌ እንሥራ

አንዲት ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ እናስብ፣ በውኃ ምህንድስና። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ጂአርኢ ተቀጥራለች። በደላላ ነው የከፈለችው፣ አካውንቱ ግን የራሷ ነው። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ዶላርን በ150 ብር እናስላ፣ እናንተ የቀኑን ዋጋ ተኩበት። 220 ዶላሩ 33,000 ብር ነው፣ ኮሚሽኑን ሳይጨምር።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ የሙከራ ፈተና ሠርታ የሒሳቡ ክፍል ደህና ሆኖ የቃላቱ ክፍል አስደነገጣት። ማመልከቻዋ የሚዘጋው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያሏት ሦስት ትምህርት ክፍሎች ናቸው። ድረ ገጻቸውን አንድ በአንድ ስታይ አንዱ ጂአርኢ አይቀበልም፣ አንዱ "ከተፈለገ" ይላል፣ ሦስተኛው ግድ ነው ይላል፣ እሱ ደግሞ የምር የምትፈልገው ነው። ስለዚህ መፈተኗ አይቀርም።

ብታዛውር 50 ዶላር፣ 7,500 ብር ተጨማሪ። ብትሰርዝ 110 ዶላር፣ 16,500 ብር ወደ ደላላው ካርድ ይመለሳል፣ ከዚያ ሌላ 33,000 ብር ታወጣለች። ደላላው ታማኝ ቢሆን እንኳ ተጨማሪ ወጪዋ 16,500 ነው። ካልሆነ 33,000። ቅዳሜውን ብትፈተንና ውጤቱ ባያረካት ተጨማሪው 33,000 ብር ሲሆን የሁለተኛው ጉዞ ይጨመርበታል።

ታዛውራለች። እስከ ምን ያህል ጊዜ? እዚህ ላይ ከማመልከቻው መዝጊያ ወደ ኋላ መቁጠር ያስፈልጋል። ኦፊሴላዊው ውጤት ከፈተናው በኋላ እስኪወጣ ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ዩኒቨርሲቲው ጋ ደርሶ ከፋይሏ ጋር እስኪያያዝም ቀናት ይወስዳል። ከመዝጊያው ቢያንስ አንድ ወር የሚቀድም ቀን ከመረጠች፣ ነገር ቢበላሽ ከ21 ቀን በኋላ ለመድገም ትንሽ ቦታ ይኖራታል። በስድስተኛው ሳምንት ላይ ብታስቀምጠው ያ ቦታ አይኖርም። አራተኛው ሳምንት ላይ ያለ ቅዳሜ ነው የሚሻላት፣ ክፍት ከሆነ። ማዕከሎች ጥቂት ስለሆኑ የምትፈልጉት ቀን ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ቀን ክፍት እንደሆነ ገብታችሁ እዩ። ቦታ ሳይኖር ማዛወር የሚባል ነገር የለም።

በዚያው ሐሙስ ለደላላው ትጽፋለች፣ አርብ ይከፍላል፣ የገደቡ ሰኞ ሳይደርስ ነገሩ ያልቃል። አዲሱ የማረጋገጫ ኢሜይል ካልመጣ ማዛወሩ አልተፈጸመም፣ ስለዚህ አዲሱን ቀን ኢሜይሉም ላይ አካውንቱም ላይ ታረጋግጣለች። ደላላው "ጨርሻለሁ" ማለቱ አይበቃም።

ዌቨር የሚባለው ነገር

ቴሌግራም ግሩፖች ላይ "ፊ ዌቨር አገኘሁ"፣ ማለትም ክፍያ ቀረልኝ፣ ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ።

የመጀመሪያው የፈተናው ክፍያ ቅናሽ ነው። ኢቲኤስ የጂአርኢ ክፍያን ለተቸገሩ የሚቀንስበት ፕሮግራም አለው፣ ግን ለአሜሪካ ዜጎችና ነዋሪዎች ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚፈተኑት ኤስኤቲ ላይ ያለውም የክፍያ ነጻነት እንደዚያው አሜሪካ ውስጥ ለሚማሩና ለአሜሪካ ዜጎች የታሰበ ነው። ሐዋሳ ሆናችሁ ያንን ፎርም ለመሙላት ሰዓት አታጥፉ፣ "እኔ አስወጣላችኋለሁ" ለሚል ደግሞ አንድ ብር አትስጡ።

ሁለተኛው የማመልከቻ ክፍያ ነጻነት ነው። ይሄ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ማመልከቻ ለመቀበል የሚጠይቀውን ገንዘብ መተው ነው። ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡ ብዙ አሉ፣ በኢሜይል ስትጠይቁ ይሰጣችኋል። ነገር ግን ከፈተናው ዋጋ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የማመልከቻ ነጻነት አግኝቶ "ጂአርኢውም ነጻ ነው" ብሎ የተዘናጋ ሰው አይቻለሁ።

ሦስተኛው ነው ትልቁ፣ ፈተናው ራሱ እንዲቀር ማድረግ። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ክፍሎች ጂአርኢን ትተዋል ወይም እንደፍላጎት አድርገውታል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳ ከክፍል ክፍል ይለያያል፣ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ሳይሆን የትምህርት ክፍሉን ገጽ አንብቡ። የቋንቋ ፈተናም እንዲሁ ነው። የተማራችሁት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ከሬጅስትራር "የመማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው" የሚል ደብዳቤ አስወጥታችሁ ቶፍል ወይም አይኤልትስ እንዲቀርላችሁ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ። የማይፈቅዱም አሉ። ለአመልካቾች አስተባባሪው በሁለት መስመር ጻፉ፦ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደተመረቃችሁ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደነበር፣ ደብዳቤው በቂ ይሁን አይሁን። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ለፈተና አትክፈሉ። ከከፈላችሁ በኋላ "አያስፈልግም" የሚል መልስ ቢመጣ ያ ነው መሰረዝ ትክክለኛ የሚሆነው ብቸኛ ቦታ። ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ደግሞ እንደ ካርዱ ባለቤት ነው።

ሌሎቹ ፈተናዎች በአጭሩ

ቶፍል የኢቲኤስ ስለሆነ ሕጉ ከጂአርኢ ጋር ይመሳሰላል፣ አራት ቀን፣ ግማሽ ተመላሽ። የፈተናው ዋጋ ግን ከአገር አገር ይለያያል፣ የማዛወሪያውም ከጂአርኢው የተለየ ነው፣ ስለዚህ የላይኛውን ሂሳብ ገልብጣችሁ አትጠቀሙ። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ የጂአርኢ አምስት ዓመት ነው። ሁለቱንም የምትፈተኑ ከሆነ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ቶፍሉን አዘግዩ፣ ጂአርኢውን ቀድማችሁ ብትጨርሱት አይበላሽም።

አይኤልትስ ላይ የማዛወርና የተመላሽ ሕጉን የምታነቡት በምትመዘገቡበት ማዕከል ውል ላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉውን አንብቡት፣ ገደቡ ከአራት ቀን በጣም የራቀ ሊሆን ይችላል።

የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና ቀጠሮ የለውም፣ ቤት ሆናችሁ ትፈተናላችሁ፣ ዋጋውም ከቶፍል ያነሰ ነው፣ ለፈለጋችሁት ትምህርት ቤት ሁሉ ውጤት መላክም ነጻ ነው። ቀጠሮ ስለሌለ የማዛወር ጣጣ የለም። ነገር ግን ሁሉም ትምህርት ቤት አይቀበለውም፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ገዝታችሁ በኋላ የማትልኩበት ቦታ እንዳታጡ።

ጂአርኢንም ቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል፣ ዋጋው ያው ነው፣ የመንገዱ ወጪ ይቀራል። ለሐዋሳ ልጅ ያጓጓል። ብቻ ኮምፒውተሩ፣ ካሜራው፣ ኢንተርኔቱ፣ ክፍሉ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ታብሌትና ስልክ አይሆንም፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መግባት አይችልም፣ መጻፊያችሁ ነጭ ሰሌዳ ወይም ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ነው። መስፈርቱን ሳታሟሉ ቀርታችሁ ፈተናው ባይጀመር ክፍያው ይቃጠላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ የአዲስ አበባው አልጋ ከ220 ዶላር ይረክሳል።

ስምና ቀን

ሲመዘገቡ የሚሠራ ስህተት ከበር ያስመልሳል፣ ከበር የተመለሰ ደግሞ ገንዘቡን ያጣል። ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን። እኛ ስምን በእንግሊዝኛ በተለያየ መንገድ ነው የምንጽፈው፣ ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ። የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። ፓስፖርቱ ገና ያልወጣላችሁ "እስከዚያ ይደርሳል" ብላችሁ አትመዝገቡ። ከዘገየ 50 ዶላር ማዛወሪያ ነው፣ እንደገና ከዘገየ ሌላ 50።

ቀኑንም በጥንቃቄ አንብቡ። አሜሪካኖች ወሩን ነው የሚያስቀድሙት፣ 10/04 ማለት ኦክቶበር 4 ነው እንጂ ኤፕሪል 10 አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ስትቀይሩ የወረቀት ካላንደር ላይ አመሳክሩ። 8:00 ኤኤም የተባለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ከሐዋሳ በዚያው ሌሊት ተነስቶ አይደረስም፣ አርብ ከሰዓት በፊት መናኸሪያ ብትገኙ ነው የሚሻለው።